ከበሮው ሲገባ የማይሰበር ግጥም

ወረቀት ላይ ሲነበብ ልብ የሚነካ ግጥም ከበሮ ሲመታበት ውሉ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ድምፃዊው ቃላቱን ለማዳረስ ይሮጣል፤ አንዱን ቃል ይውጠዋል፣ ሌላውን ያለ ቦታው ይጎትተዋል። አድማጩ ዜማውን እያንጎራጎረ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ግጥሙ ምን እንዳለ ግን ቢጠየቅ አይመልስም። ጥፋቱ የድምፃዊው ወይም የመሣሪያው ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ግን ችግሩ የተፈጠረው ግጥሙ ሲጻፍ ነው፤ ገጣሚው ሲጽፍ ከበሮውንም ክራሩንም አላሰበም።

ሁለቱ መሣሪያዎች ከግጥም የሚፈልጉት የተለያየ ነው። ከበሮ ቃሉ በሰዓቱ እንዲደርስ ይፈልጋል። ክራር ደግሞ ቃሉ ካበቃ በኋላ የሚናገርበት ቦታ እንዲተውለት ይፈልጋል። ይህን ልዩነት የያዘ ገጣሚ አንድን ስንኝ ለየትኛው መሣሪያ እንደሚጽፈው ከመጀመሪያው ያውቃል።

ቆጠራው በፊደል አይደለም

የአማርኛ የዘፈን ግጥም የተሠራው በቀለም ቆጠራ ነው። ቀለም የምንለው በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣውን የድምፅ ቁራሽ ነው እንጂ በወረቀት የሚታየውን ፊደል አይደለም። «ክረምቱ» ስንል አራት ፊደል እንጽፋለን፤ አፋችን የሚያወጣው ግን ሦስት ነው፤ ክ፣ ረም፣ ቱ። «ድንኳኑ» እንደዚሁ አራት ፊደል ሆኖ ድን፣ ኳ፣ ኑ ተብሎ ሦስት ቀለም ይሆናል። ፊደል እየቆጠረ የሚጽፍ ሰው ስንኞቹ እኩል የሆኑ ይመስለዋል፤ ከበሮው ሲጀምር ግን አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል።

ነባሩ ግጥም የሚታወቁ መለኪያዎች አሉት። እያንዳንዱ ስንኝ መሐሉ ላይ ትንፋሽ የሚወሰድበት ስብራት አለው፤ ስብራቱ ስንኙን ሁለት ሐረግ ያደርገዋል። የወል ቤት የሚባለው ስድስት ቀለም በስድስት ቀለም ነው። ሰንጎ መገን አምስት በአምስት፣ ቡሄ በሉ ደግሞ አራት በአራት ነው። ሦስቱም ለዘፈን ይሆናሉ፤ ከምቱ ጋር የሚገናኙበት መንገድ ግን ይለያያል።

ብዙ ሰው «ችክችካ» ብሎ የሚያውቀውን የከበሮ አመታት እንውሰድ። እስክስታ የሚወረድበት፣ በሠርግ ቤት የሚጨበጨብበት ምት ነው። በጣም ቀለል አድርገን ብናየው አንዱ ዙር ስድስት ትንንሽ ምቶች አሉት፤ ስድስቱም ሦስት ሦስት ሆነው ይከፈላሉ። ጎልተው የሚሰሙት አንደኛውና አራተኛው ናቸው። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ፊት ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ፊት ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል። መቺው በእነዚህ ሁለት ድምፆች እየተጫወተ ዙሩን ያስውበዋል። አመታቱ እንደ አካባቢውና እንደ መቺው እጅ ይለዋወጣል፤ ለገጣሚ ግን ይህ የስድስት ምት ዙር በቂ መነሻ ነው።

አሁን ሰንጎ መገንን በዚህ ዙር ላይ እናስቀምጠው። አምስት ቀለም በስድስት ምት ላይ ሲቀመጥ አንድ ምት ይተርፋል። አራቱ ቀለሞች አንድ አንድ ምት ይወስዳሉ፤ አምስተኛው የቀሩትን ሁለቱን ይዞ ይለጠጣል። በዚያች ትርፍ ምት ላይ ድምፃዊው ይተነፍሳል፣ ጭብጨባው ይሰማል። አምስት በአምስት የሆነ ግጥም በዚህ ምት ላይ ሳይታገል የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

የወል ቤት ግን ስድስት ቀለም ስላለው ከመጀመሪያው ምት ከተነሳ ዙሩን ጢም አድርጎ ይሞላዋል፤ ለትንፋሽ የሚተርፍ ነገር የለም። ድምፃዊው ሁለት ስንኝ ሳይሄድ ያለከልካል። መፍትሔው ከበሮው አንዴ ከመታ በኋላ ከሁለተኛዋ ምት መነሳት ነው። ያኔ ስድስተኛው ቀለም በሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ምት ላይ፣ ጎልቶ በሚሰማው ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ያለው የዙሩ ክፍል ለተቀባዩና ለጭብጨባው ክፍት ይሆናል። ስለዚህ ገጣሚውና የዜማ ደራሲው አስቀድመው ሊነጋገሩ ይገባል። ግጥሙ አምስት በአምስት ሆኖ ከምቱ ጋር ይነሳል ወይስ ስድስት በስድስት ሆኖ ከምቱ በኋላ ይነሳል?

የሠርግ ስንኝ ሲቃና

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ ጀማሪ ገጣሚ ለሠርግ ዘፈን ሁለት ስንኝ ጻፈ እንበል። ሊል የፈለገው ድንኳኑ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ የሙሽሪት እናት ብቻዋን ደጅ ላይ መቆሟን ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ይህን ይመስላል፦

ድንኳኑ በእንግዶች ተሞልቶ ሳለ፣
እናቷም ደጅ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

ቤት አለመምታቱን ለጊዜው እንተወውና ቀለሙን እንቁጠር። «በእንግዶች» በአነጋገር «በን፣ ግ፣ ዶች» ስለሚሆን የመጀመሪያው ስንኝ አሥራ አንድ ነው፤ ሁለተኛውም አሥራ አንድ ነው። በድምሩ እኩል ናቸው። ከበሮው ላይ ግን አይገናኙም፤ ስብራታቸው የተለያየ ነውና። የመጀመሪያው «ድንኳኑ በእንግዶች» ላይ ስድስት ብሎ ይሰበርና አምስት ይከተላል። ሁለተኛው «እናቷም ደጅ ላይ» ላይ አምስት ብሎ ይሰበርና ስድስት ይከተላል። ድምፃዊው በመጀመሪያው ስንኝ የለመደውን የትንፋሽ ቦታ በሁለተኛው ላይ ሲፈልገው «ቆማ» በሚለው ቃል ሆድ ውስጥ ያገኘዋል። ቃሉን ቆርጦ መተንፈስ ወይም ምቱን ማሳለፍ ግድ ይሆንበታል። ስንኞች በድምር እኩል መሆናቸው ብቻ አይበቃም፤ ሐረጎቹም እኩል መሆን አለባቸው።

ሁለተኛው ሙከራ ሁሉንም ወደ አምስት በአምስት ያመጣዋል፦

ድንኳኑ ሞላ እንግዳው በዛ፣
እናቷ ወጣች እልልታ ይዛ።

አሁን ቤት ይመታል፣ ሐረጎቹም እኩል ናቸው። በስድስቱ ምት ላይ ሲደረደር የመጀመሪያው ሐረግ እንዲህ ይሆናል፤ ድን በአንደኛው ምት፣ ኳ በሁለተኛው፣ ኑ በሦስተኛው፣ ሞል በአራተኛው፣ ላ በአምስተኛውና በስድስተኛው። «ሞላ» ሲነገር «ላ» ይጠብቃል፤ ስለዚህ «ሞል» የተዘጋ፣ ክብደት ያለው ቀለም ነው። ያ ክብደት አራተኛው ምት ላይ፣ ከበሮው በሚጠነክርበት ቦታ አረፈ። ከዚያ «ላ» ክፍት ሆኖ ተለጠጠ። «እንግዳው በዛ» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ በዝ አራተኛው ምት ላይ ይወድቃል፣ ዛ ይለጠጣል። አንዲት ሴት ከበሮ እየመታች ያለ ልምምድ ልታወጣው ትችላለች።

የመጨረሻው ሐረግ ግን ይጎድለዋል። «እልልታ ይዛ» ሲደረደር እ በአንደኛው ጠንካራ ምት ላይ፣ ይ ደግሞ በአራተኛው ጠንካራ ምት ላይ ይወድቃል። ሁለቱም ሳድስ ናቸው። የሳድስ ድምፅ አጭርና ደካማ ነው፤ ሲጎተት መልኩ ይለወጣል። ድምፃዊው ምቱን ለመሙላት ሲል «ይ»ን ወደ «ዪ» ይገፋዋል፣ ቃሉም ሌላ ቃል ይመስላል። ከበሮው የጮኸበት ቦታ ላይ ግጥሙ ይደክማል። በትርጉምም በኩል እናቲቱ እልል እያለች ከወጣች ከእንግዳው የሚለያት ነገር የለም፤ ገጣሚው መጀመሪያ ያሰበው ብቸኝነት ጠፍቷል። ሦስተኛው ሙከራ ሁለቱንም ያርማል፦

ድንኳኑ ሞላ እንግዳው በዛ፣
እናቷ ቆመች ከቤቱ ታዛ።

«ቆመች» ላይ ቆ፣ «ታዛ» ላይ ታ አራተኛው ምት ላይ አረፉ። አንዱ ሳብዕ ሌላው ራብዕ ነው፤ ሁለቱም አፍ ከፍተው የሚዘፈኑ ድምፆች ናቸው። ታሪኩም ተመለሰ፤ ሕዝቡ ድንኳን ውስጥ ነው፣ እናቲቱ ታዛ ሥር። ልቅሶ የሚል ቃል ሳይገባ ሐዘኗ ይሰማል። እንዲህ ያለ ማሻሻል የሚገኘው ግጥሙን ጠረጴዛ ላይ በእጅ እየመቱ ጠንካራው ምት የትኛው ድምፅ ላይ እንደሚወድቅ በማየት ነው።

የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ

አማርኛ ሲጻፍ የማይታይ፣ ሲዘፈን ግን ትርጉም የሚያስት አንድ ነገር አለ፤ እሱም መጥበቅና መላላት ነው። «ገና ሲመጣ» የሚለውን ሐረግ እንይ። «ና» ከጠበቀ የልደት በዓል ሲደርስ ማለት ነው። ከላላ ደግሞ አንድ ሰው ገና በመምጣት ላይ ሳለ ማለት ይሆናል። በወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ቀለማቸውም አምስት ነው። አንባቢ ከዐውዱ ይለየዋል፤ አድማጭ ግን የሚለየው በጆሮው ነው።

የሚጠብቅ ድምፅ ጊዜ ይፈልጋል። ዜማው «ገ»ን ረጅም ኖታ ሰጥቶ «ና»ን በሩጫ ካሳለፈው መጥበቁ ይጠፋል፤ የገና ዘፈን የመጣው ሰው ዘፈን ይሆናል። ከበሮው በፈጠነ ቁጥር ይህ አደጋ ይጨምራል፤ በፈጣን ምት ውስጥ ሁለት የሚጠብቁ ድምፆች ጎን ለጎን ከገቡ ምላስ አንዱን ታላላለች። ስለዚህ ለፈጣን ከበሮ የሚጽፍ ሰው በአንድ ሐረግ ውስጥ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት የሚጠብቁ ድምፆች ያስገባል፤ እነሱንም ከላይ «ሞላ» እና «በዛ» እንደሆኑት ጠንካራው ምት አጠገብ ያደርጋቸዋል። ትርጉሙ በመጥበቅና በመላላት ብቻ የሚለይ ቃል ካጋጠመው ደግሞ ሌላ ቃል ይፈልጋል ወይም በዙሪያው ያሉት ቃላት አንዱን ትርጉም ብቻ እንዲያመለክቱ ያደርጋል።

ክራር የሚጠይቀው

ወደ ክራር ስንመጣ ጥያቄው ይለወጣል። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው። ክሮቹ የሚቃኙት በአንድ ቅኝት ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ። አራቱም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ለምሳሌ ሙሉው የትዝታ ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲሆን ፋ እና ሲ የሉበትም። ስድስተኛው ክር ሲኖር ብዙውን ጊዜ ከአምስቱ የአንዱን ድምፅ በላይኛው ወይም በታችኛው እርከን ይደግመዋል።

በነባሩ አጨዋወት አንዱ ክር አንድ ድምፅ ይሰጣል። እንደ ጊታር አንገት ላይ ጣት ጭኖ ሌላ ድምፅ ማውጣት የለም። ይህ ለገጣሚው ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛ፣ ዘፈኑ መሐል ላይ ስሜት ተለወጠ ብሎ ቅኝት እንዲለወጥ መጠበቅ አይችልም፤ ክራሩ እንደገና ካልተቃኘ አይከተልም። ግጥሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ የስሜት ክልል ውስጥ መኖር አለበት። ሐዘን ተነስቶ ጭፈራ የሚሆን ግጥም ለኪቦርድ ይመቻል፤ ክራር ደርዳሪውን ግን መሐል ላይ ያስቆመዋል። ሁለተኛ፣ የዜማው ስፋት ጠባብ ስለሆነ ግጥሙ ስሜት የሚያሳድገው ድምፅ ሽቅብ በመጮህ ሳይሆን በቃሉ ነው።

ክራር በሁለት ዓይነት መንገድ ይደመጣል። በግርፍ ሲመታ ቀኝ እጅ ክሮቹን በአንድነት ይገርፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ የማይፈለጉትን ክሮች አፍነው የሚፈለገው ብቻ እንዲሰማ ያደርጋሉ። ይህ አመታት የምት ጉልበት አለው፣ ከከበሮም ጋር ይስማማል። በድርደራ ሲሆን ጣቶች ክሮቹን አንድ በአንድ ይነካሉ። የድርደራ ድምፅ ለስላሳ ነው፤ ከተነካ በኋላም ፈጥኖ ይሞታል። እንደ ማሲንቆ በቀስት አይጎተትም። ስለዚህ ድምፃዊው አንድ ድምፅ ይዞ ሲቆይ ክራሩ ከሥሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፃዊው ሲያቆም ደግሞ ክራሩ ብቻውን ይመልሳል። ግጥሙ ሁለቱንም መፍቀድ አለበት። ስንኙ የሚያልቅበት ድምፅ የሚያዝ መሆን አለበት፤ ካለቀ በኋላም ቀጣዩ ቃል ለመግባት መቸኮል የለበትም።

ይህን ለመስማት አስናቀች ወርቁን፣ ሜሪ አርምዴንና ካሳ ተሰማን ማዳመጥ ነው። ሦስቱም ክራር እየደረደሩ በመዝፈን የሚታወቁ ናቸው። «ኢትዮጲክስ» በሚባለው የሙዚቃ ተከታታይ 16ኛው ቅጽ የተሰጠው ለአስናቀች ወርቁና ለክራሯ ነው። ስታዳምጡ ግጥሙን ለጊዜው ተዉትና በስንኝና በስንኝ መካከል ያለውን ጊዜ ልብ በሉ። ክራሩ የሚናገረው እዚያ ነው።

የትዝታ ስንኝ ሲቃና

ለትዝታ የሚሆን ስንኝ በየወል ቤት እንሞክር። የመጀመሪያው ሙከራ ይህ ነው፦

ክረምቱ ሲወጣ ደመና ሲገፈፍ፣
መች ይሆን መንገዴ ከደጅሽ የሚያልፍ።

ቆጠራው ስድስት በስድስት ነው፤ ቤቱም «ፍ» በ«ፍ» ስለሆነ በወረቀት ላይ ይመታል። ክራር ላይ ግን ሁለት ጉድለት ይወጣበታል። የመጀመሪያው «ፍ» የማይያዝ ድምፅ መሆኑ ነው፤ ከንፈር ከዘጋ በኋላ የሚቀረው ነፋስ ብቻ ነው። ድምፃዊው ስንኙን ለማቆየት ከ«ፍ» በፊት ያለውን ድምፅ መጎተት አለበት። ሁለተኛው ጉድለት የሚመጣው ከዚህ ነው። በመጀመሪያው ስንኝ የሚጎተተው ከ«ገፈፍ» መጨረሻ «ፈ» ነው፤ በሁለተኛው ግን ከ«ሚያልፍ» ውስጥ «ያ» ነው። አንዱ ግዕዝ ሌላው ራብዕ ነው። ዓይን አንድ ቤት ያያል፤ ጆሮ ግን ሁለት የተለያየ ድምፅ ሲጎተት ይሰማል፤ ቤቱ ሲዘፈን ፈረሰ ማለት ነው። በሳድስ የሚያልቁ ስንኞችን ስንጽፍ ከመጨረሻው ፊደል በፊት ያለው ድምፅም አንድ መሆኑን ማየት የሚገባው ለዚህ ነው። በክፍት ድምፅ መጨረስ ደግሞ ከነጭራሹ ይገላግላል፦

ክረምቱ ሲወጣ ሰማዩ ሲጠራ፣
ደጅሽን ጋረደው የማዶ ተራራ።

«ራ» አፍ ከፍቶ እስከተፈለገ ድረስ የሚያዝ ድምፅ ነው፤ ክራሩ ከሥሩ ይደረድራል። ሌላም ነገር ተገኝቷል። የመጀመሪያው ስንኝ «ሲወጣ»፣ «ሲጠራ» ብሎ በተንጠለጠለ ግሥ ያልቃል። አድማጩ «ታዲያ ምን ሆነ?» ይላል። ብዙ የትዝታ ዜማዎችም የመጀመሪያውን ስንኝ ሳያሳርፉ ከፍ ባለ ቦታ ይተዉትና በሁለተኛው ወደ መነሻው ድምፅ ይመልሱታል። የግሡ መንጠልጠልና የዜማው መንጠልጠል ተገጣጠሙ፤ ተራራውም ዜማው ሲያርፍ መጣ። ሰማይ ጠርቶ ሳለ የሚታየው ነገር መጋረዱ ደግሞ የስንኙ ፍሬ ነው። በመሐሉ ክራሩ ብቻውን የሚሰማበት ጊዜ ስላለ አድማጩ ይህን ለማሰብ ፋታ ያገኛል።

ተከታዩ ስንኝም በዚሁ መንገድ ሊሄድ ይችላል፦

መንገደኛው ሁሉ ሲመጣ ካገሬ፣
ወሬሽን ስጠብቅ ሳልተኛ ማደሬ።

እዚህም የመጀመሪያው ስንኝ ያንጠለጥላል፣ ሁለተኛው ያሳርፋል፤ «ሬ» ደግሞ ኃምስ ስለሆነ ይያዛል። «ከአገሬ» ሳይል «ካገሬ» ማለቱ ለቆጠራው ሲባል ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲናገርም የሚለው እንደዚያ ነው። ግጥሙ በጽሕፈት አማርኛ ከተጻፈ ድምፃዊው ራሱ ያጣምረዋል፣ የገጣሚው ቆጠራም ይፈርሳል። ስለዚህ ከመነሻው እንደሚነገረው መጻፍ ይሻላል።

የትርጉም ጥልቀትም ከመሣሪያው ጋር ይመጠናል። ሰምና ወርቅ ያለው፣ ቆም ተብሎ የሚፈታ ስንኝ ለክራር ድርደራ ይስማማል፤ በስንኞቹ መካከል መፍቻ ጊዜ አለና። በችክችካ ላይ የተጫነ ድርብ ትርጉም ግን ከእስክስታው ጋር ያልፋል። በከበሮ ዘፈን አንድ ስንኝ አንድ ሥዕል ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል።

ሁለቱ ሲገናኙ

ከበሮና ክራር አንድ ላይ ሲመጡ የጊዜ ባለቤት ከበሮው ነው። ክራሩ በግርፍ ምቱን ይከተላል፤ የራሱን መልስ የሚሰጥበት ቦታ ደግሞ ከድምፃዊው ሳይሆን ከአዝማቹ ዙሪያ ያገኛል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ዘፈን አዝማቹ ከስንኞቹ አጠር ቢል ይመረጣል፤ ተቀባዮች በአንዴ የሚይዙት፣ በክፍት ድምፅ የሚያልቅ፣ ትርጉም ያልተጫነበት። በቡሄ ጭፈራ አውጪው ረጅሙን ሲናገር ተቀባዮች «ሆ!» ብቻ ብለው የሚመልሱት ምቱን ሳያውኩ ትንፋሽ ለመስጠት ነው። ለሠርጉ ስንኞቻችን አዝማች ብንፈልግ እንደገና ሌላ ታሪክ ከመጨመር አራት በአራት የሆነ አጭር ጥሪ ይሻላል፤ ክራሩ የቀረውን ይሞላዋል።

መሣሪያዎቹ ጥቂት በሆኑ ቁጥር የግጥሙ ስህተት ይገለጣል። በለንደን የተመሠረተው ክራር ኮሌክቲቭ የተባለው ቡድን በዋናነት በክራር፣ በከበሮና በድምፅ መድረክ ይይዛል። እንዲህ ባለ አደረጃጀት ኪቦርዱና ናሱ የሸፈኑት ሐረግ የለም፤ የረዘመው ቃል ሁሉ ይሰማል። በስቱዲዮ ውስጥ ግን የተጨናነቀ ስንኝ በድምፅ ማስተካከያና በሙዚቃ ብዛት ሊደበቅ ስለሚችል ብዙ ጉድለት ሳይታረም ያልፋል። ዘፈኑ ወደ ሠርግ ቤት ሲገባና አንዲት ከበሮ ብቻ ስትቀር ነው የሚታወቀው።

አንዳንድ ገጣሚ የጎደለውን ቀለም በ«እኮ»፣ በ«አይ» ወይም በ«ዬ» ይሞላል። ነባር ዘፈኖችም እነዚህን ይጠቀማሉ፤ አድማጭም ያውቃቸዋል። ጥፋት የሚሆነው በየሐረጉ ሲገቡ ነው። የሚሞላው ቃል ጠንካራው ምት ላይ ከወደቀ ስንኙ ውስጥ የሚበዛው ባዶ ቃል ይሆናል። መሙያው ደካማ ምት ላይ ሲሆን ግን ማንንም አይረብሽም።

ግጥሙን ለድምፃዊ ከመስጠት በፊት የሚደረገው ፈተና ቀላል ነው። ሳይዘፍኑ፣ ያለ ዜማ፣ ጠረጴዛ በእጅ እየመቱ ስንኞቹን ማንበብ፤ ምላስ የተሰናከለበት ሐረግ ወይ ቀለሙ በዝቷል ወይ የሚጠብቅ ድምፅ ተጨናንቆበታል። ከዚያ ድምፃዊው አንድ ጊዜ እንዲዘፍነው ማድረግና ግጥሙን ያላየ ሰው የሰማውን እንዲጽፍ መጠየቅ ይገባል። የጻፈው ከወረቀቱ ጋር ከተለያየ የሚታረመው ድምፃዊው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ለክራር ከሆነ ደግሞ ስንኙ ያለቀበትን ድምፅ ይዞ ቀስ ብሎ አራት መቁጠር ነው፤ ሳይጨነቁ የማይያዝ ከሆነ መጨረሻውን ቃል መለወጥ ነው።

ዛሬ ግጥም የሚጽፉ ወጣቶች ብዙዎቹ የሚጽፉት በስልክ ላይ፣ በተዘጋጀ ሙዚቃ ስር ነው። ዘፈናችሁ ከበሮና ክራር ይዞ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ ግን ቅንብሩን ሳትጠብቁ ከበሮ ከሚመታና ክራር ከሚደረድር ሰው ጋር አብራችሁ ተቀመጡ። ስንኙን አንብቡላቸው፤ የሚያቃናችሁ እጃቸው ነው።